መሪውና መርፌው

አዳማ በወለንጪቲ መውጫ በኩል ቀድማ ትነቃለች። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ግድም መንገድ ዳር የተደረደሩት ከባድ መኪኖች ሞተር ይነሳል። ረዳቶች ጎማውን እየመቱ ይፈትሻሉ፣ የተሳቢውን ሸራ ገመድ ያጠብቃሉ። ከትንሿ ሻይ ቤት ስኳር የበዛበት ሻይና ትኩስ ፓስቲ ይወጣል። ከዚህ በኋላ መንገዱ ወደ ቆላ መውረድ ነው፤ መተሐራ፣ አዋሽ ሰባት፣ ገዋኔ፣ ሚሌ፣ ሰመራ፣ ገላፊ፣ ከዚያ ጅቡቲ። አገሪቱ ከውጭ የምታስገባው ዕቃ አብዛኛው በዚህ መስመር ይመጣል። አዳማና ሞጆም የሾፌር፣ የጋራዥና የጭነት ከተሞች የሆኑት በዚሁ ነው።

ከሾፌሮቹ አንዱ ጋቢናው ውስጥ መጋረጃውን ስቦ ሸሚዙን ይገልጣል፤ ሆዱ ላይ ቆንጥጦ ኢንሱሊኑን ይወጋል፤ መርፌውን በፌስታል ጠቅልሎ ከመቀመጫው ሥር ይደብቃል። ረዳቱ አላየውም። የስምሪት ክፍሉም አያውቅም።

ይህ ሾፌር አንድ ሰው አይደለም። በዚህ መስመር የሚሠራ የስኳር ታማሚ ሊገጥመው የሚችለውን ነገር ከነዝርዝሩ ለማየት ያቀናበርኩት ምሳሌ ነው። ዕድሜው 41 ነው እንበል። በአንድ የትራንስፖርት ድርጅት ውስጥ ስምንት ዓመት ተኩል ሠርቷል። ሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም እንዳለበት ካወቀ ሰባት ዓመቱ ነው። መጀመሪያ በክኒን ቆየ፤ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ደግሞ ጠዋትና ማታ ቅልቅል ኢንሱሊን እንዲወጋ ታዘዘለት። ሦስት ልጆች አሉት። ከመንዳት ሌላ ሙያ የለኝም ብሎ ያምናል። ይህ እምነቱ ትክክል እንዳልሆነ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሕመሙን የሚደብቀው ሞኝ ስለሆነ አይደለም። የሾፌር ገቢ በሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ደመወዝ፣ ሌላው የመንገድ አበል። ብዙውን ጊዜ ቤት የሚያቆመው አበሉ ነው። አበል ደግሞ መኪናው ካልተንቀሳቀሰ የለም። «ታምሜያለሁ» ያለ ሾፌር መኪናውን ለሌላ ያስረክባል፤ በዚያው ቀን ከገቢው ትልቁ ክፍል ይቀራል። ስለዚህ ዝም ይላል። ነገር ግን ዝምታውን የሚያስከፍለው በሽታው ራሱ ሳይሆን ሰዓት ነው።

የሰዓቱን ነገር በዝርዝር እንየው። በቅልቅል ኢንሱሊን ውስጥ ሁለት ዓይነት መድኃኒት አለ። አንዱ ቶሎ ሠርቶ ቶሎ የሚያልቅ፣ ከቁርስ ጋር የሚሄድ ነው። ሌላው በዝግታ ተነስቶ ከተወጋ ከአራት እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ጉልበቱ የሚበረታ ነው። ሾፌራችን ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከተወጋ መድኃኒቱ የሚበረታው ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት እሱ አዋሽን አልፎ ወደ ገዋኔ በሚወስደው ረጅም ሜዳ ላይ ነው። ቤቱ ቢሆን ኖሮ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ምሳ ይበላ ነበር፤ መድኃኒቱም ከምግቡ ጋር ይገናኝ ነበር። መንገድ ላይ ግን ኬላ አለ፣ የሚዛን ሰልፍ አለ፣ የፈነዳ ጎማ አለ። ምሳው 9 ሰዓት ይሆናል። ኢንሱሊኑ ግን አይጠብቅም። የደሙን ስኳር እያወረደ ይቀጥላል።

የደም ስኳር ከ70 ሚሊግራም በታች ሲወርድ አካል ያስጠነቅቃል። ላብ፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የልብ መምታት፣ ድንገተኛ ረሃብ ይመጣል። አሁን ይህን ምልክት አፋር ሜዳ ላይ አስቡት። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት ጋቢና ውስጥ ሁሉም ሰው ያልበዋል። ሞተሩ ራሱ ሰውነት ያንቀጠቅጣል። ሾፌሩ ለእንቅልፉ ብሎ ጫት ይዞ ከሆነ የምግብ ፍላጎቱ ስለሚጠፋ ረሃቡም አይሰማውም፤ የልቡን መምታትም በምርቃናው ያሳብባል። ደጋ ላይ ሰውን የሚያስቆሙት ምልክቶች ሁሉ እዚህ የመንገዱ ጠባይ ይመስላሉ። ከዚያ በታች ሲወርድ የሚታመመው ማሰቢያው ነው። ንግግር ይጎተታል፣ ዓይን ይደበዝዛል፣ ሰውዬው ግትር ይሆናል፤ «ደህና ነኝ» ብሎ ይቆጣል። ትራፊክ ፖሊስ ቢያስቆመው ሰክሯል ሊለው ይችላል። ሕመሙ ብዙ ዓመት ሲቆይ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ማስጠንቀቂያዎች እየደከሙ ይሄዱና ሰው ያለ ላብና ያለ መንቀጥቀጥ በቀጥታ ወደ መደናገር ይገባል። እንዲህ ያለ ሰው ከማሽከርከር መቆም አለበት፤ እዚህ ላይ ድርድር የለም።

ከመንዳት ጋር የሚያያዘው ልክ ከተለመደው ከፍ ይላል። በብዙ አገር ለሾፌሮች የሚመከረው ከመነሳት በፊት፣ ከዚያም በየሁለት ሰዓቱ ስኳርን መለካት፣ ከ90 በታች ከሆነ ሳይበሉ አለመነሳት ነው። ከወረደ መኪናውን ደህና ቦታ ማቆም፣ ሞተር ማጥፋት፣ ቁልፉን ነቅሎ ከመሪው ወንበር መነሳት። ከዚያ ቶሎ ደም የሚገባ 15 ግራም ስኳር መውሰድ። ይህ የአንድ ትንሽ ጠርሙስ ለስላሳ ግማሽ ነው፤ ወይም ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ። ስኳር የሌለበት «ዳይት» ለስላሳ እዚህ አይረባም። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት፣ ካልወጣ መድገም፣ ከወጣ ዳቦ ወይም እንጀራ መብላት። ብዙዎች የሚስቱት ቀጣዩን ነው። ቁጥሩ ቢስተካከልም ጭንቅላት ወዲያው አይመለስም። ስለዚህ 45 ደቂቃ ሳይሞላ መሪ መያዝ የለበትም።

የአሥር ሰዓት ጉዞ በዚህ ልክ በቀን ስድስት የመለኪያ ስትሪፕ ይፈልጋል። ደርሶ መልሱ አምስት የመንዳት ቀን ቢወስድ 30 ነው፤ ባለ 50 ፓኮው ሁለት ጉዞ እንኳ አይሞላም። ይህ ወጪ ከሾፌሩ ኪስ ከወጣ በሁለተኛው ወር መለካቱን ይተወዋል። ከድርጅቱ ጋር ስለ ሥራ ሁኔታ ሲነጋገር ስትሪፕ ከጎማና ከዘይት እኩል እንደ መንገድ ወጪ መቅረብ አለበት የምለው ለዚህ ነው።

ኢንሱሊኑ ራሱም ይታመማል። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በሚደርስ ቅዝቃዜ ይቀመጣል። በሥራ ላይ ያለው ብልቃጥ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ በማያልፍ ቦታ ለአራት ሳምንት ያህል ይቆያል። ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት፣ በሰሜን ኬንያው የዳዳብ የስደተኞች ካምፕ እንደሚታየው በ25ና በ37 ዲግሪ መካከል የሚዋዥቅ ሙቀት ኢንሱሊኑን በአራት ሳምንት ውስጥ እንዳላበላሸው አሳይተዋል። ያ ግን ጥላ ያለው ቤት ነው። በፀሐይ የቆመ ጋቢና ከዚያ እጅግ ይበልጣል፤ ዳሽቦርድ ላይ የተረሳ ብልቃጥ አለቀለት ማለት ነው። ውኃ በተነከረ ጨርቅ የተጠቀለለ የሸክላ ዕቃ በደረቁ የአፋር አየር ውስጥ በደንብ ያቀዘቅዛል፤ ከበረዶ ጋር ማነካካት ግን መድኃኒቱን ይገድለዋል። መበላሸቱ የሚታወቀው ደመናማው ኢንሱሊን ሲነቀነቅ እንደ እርጎ ሲቋጥር ወይም ብልቃጡ ግድግዳ ላይ ሲጣበቅ ነው። ሁልጊዜ ግን በዓይን አይታይም። ሰውዬው በታዘዘለት ልክ እየተወጋ፣ እንደወትሮው እየበላ ስኳሩ ለቀናት ሽቅብ ከወጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ብልቃጡ ነው። መጠኑን በራሱ ከፍ አድርጎ የሚቀጥል ሾፌር አዲስ ብልቃጥ በከፈተ ማግስት መንገድ ላይ ይወድቃል።

ጾምም በስሌቱ ውስጥ አለ። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሾፌር የጠዋቱን ኢንሱሊን እንደ ወትሮው ወግቶ ቢነሳ ከላይ ያየነው ሰዓት በቀጥታ ይይዘዋል። በረመዳንም እንዲሁ፤ በሱሁር የተወጋው መድኃኒት የሚበረታው ቀን ነው። የመጠንና የሰዓት ለውጥ ከሐኪም ጋር ጾሙ ሳይገባ መነጋገር የሚፈልግ ነገር ነው። ለሥራ ዕቅዱ ደግሞ በጾም ወራት ረጅም መስመር አለመውሰድ ማለት ነው።

እንግዲህ ፍርዴን ልናገር። በቀን ሁለት ጊዜ ቅልቅል ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው የምሳ ሰዓቱን ማንም ሊያረጋግጥለት በማይችልበት የጅቡቲ መስመር ላይ መቆየት የለበትም። ይህ ማለት ግን መንዳት ያቆማል ማለት አይደለም። ከሞጆ ደረቅ ወደብ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ አዳማና ወደ አካባቢው መጋዘኖች የሚሄድ ጭነት አለ። ሞጆን ከአዲስ አበባና ከአዳማ የሚያገናኘው የፍጥነት መንገድ ከተከፈተ ወዲህ ይህ የቀን ሥራ ነው። ሾፌሩ ቁርሱን ቤቱ ይበላል፣ ምሳው በሰዓቱ ይሆናል፣ ኢንሱሊኑ ቤት ይቀመጣል፣ ማታ አልጋው ላይ ያድራል፣ የሐኪም ቀጠሮውም አያመልጠውም። ያው ሰው፣ ያው መንጃ ፈቃድ፣ ያው በሽታ ነው፤ የተለወጠው መስመሩ ብቻ ነው።

ወደዚያ መስመር የሚደርሰው በስምሪት ክፍሉ በኩል ነው። እዚያ የሚነገረው ቃል ወሳኝ ነው። «ጋሼ፣ አሞኛል፣ ቀላል ሥራ ስጡኝ» ብሎ የገባ ሰው ምሕረት ለማኝ ሆኖ ይታያል። የሐኪም ወረቀትና የሦስት ወር የስኳር መዝገብ ይዞ፣ «መንዳት እችላለሁ፤ የማልችለው ምሳ ሰዓቱ የማይታወቅበትን ረጅም ጉዞ ነው፤ በሞጆ–አዲስ መስመር መድቡኝ፤ በስድስት ወር ውጤቱን አብረን እናየዋለን» የሚል ደግሞ የሥራ ሐሳብ አቀረበ።

ሕጉም የሚያግዘው በዚህ መልኩ ሲቀርብ ነው። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 የበሽታ ስም አይዘረዝርም። አካላዊ፣ አእምሯዊ ወይም የስሜት ሕዋሳት ጉድለት ከማኅበራዊ፣ ኢኮኖሚያዊና ባህላዊ መድልዎ ጋር ተዳምሮ የሥራ ዕድሉን ያጠበበትን ሰው ነው የሚመለከተው። አሠሪው ሊያደርገው የሚገባው ማመቻቸትም መሣሪያና ሕንፃ ብቻ አይደለም፤ የሥራው መስፈርት፣ የሥራ ሰዓቱና የአሠራሩ አደረጃጀት ጭምር ነው። የስኳር ታማሚ በዚህ ትርጉም ውስጥ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ሊያከራክር ይችላል። እግሩ የደነዘዘ ወይም ዓይኑ የደከመ ታማሚ ግን ብዙም አያከራክርም። በዚያም ሆነ በዚህ፣ የመስመር ለውጥ «ሰዓትን ማመቻቸት» ተብሎ በጽሑፍ ሲጠየቅ ከበጎ ፈቃድ የተሻለ መሠረት ያገኛል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ሾፌራችን በወር ከሚያገኘው 100 እጅ 40ው ደመወዝ፣ 60ው አበል ነው እንበል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሕመም ፈቃድን በ12 ወራት ውስጥ እስከ ስድስት ወር ይፈቅዳል። የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ነው። በዚሁ አዋጅ የውሎ አበል የደመወዝ አካል አይደለም። ስለዚህ እግሩ ቆስሎ ስድስት ወር ቢተኛ በመጀመሪያው ወር 40፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው 20፣ 20፣ ከዚያ ባዶ ይሆናል። በስድስት ወር ይገባ ከነበረው 600 የሚገባው 80 ነው። ወደ አጭሩ መስመር ቢዛወርና አበሉ ወደ 20 ዝቅ ቢል ግን በወር 60 ያገኛል፤ በስድስት ወር 360። አርባው መቅረቱ ያማል። ይሁን እንጂ ሾፌሩ ሊያወዳድረው የሚገባው 60ን ከ100 ጋር ሳይሆን 360ን ከ80 ጋር ነው። ይህን ስሌት ከባለቤቱ ጋር ተቀምጦ፣ ቁስሉ ሳይመጣ፣ ገና ሙሉ አበል በሚያገኝበት ጊዜ መሥራት አለበት። ወደ አጭሩ መስመር እስኪዛወር ባሉት ወራት ከአበሉ የሚቀመጥ ገንዘብ የመሸጋገሪያው ድልድይ ነው።

ሌላው ቁጥር አሥር ነው። በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ሥርዓት ቢያንስ አሥር ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ በጤና ጉድለት ምክንያት ለሥራ ብቁ አለመሆኑ በሕክምና ቦርድ ተረጋግጦ ከሥራ ቢሰናበት ለዕድሜ ልክ የጡረታ አበል ያገኛል። ከዚያ በታች ከሆነ አንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚያልቅ ገንዘብ ነው። ሾፌራችን ስምንት ዓመት ተኩል አለው። ዛሬ ተናዶ ወይም ፈርቶ ሥራውን ቢለቅ የሚያጣው 18 ወር አይደለም፤ የዕድሜ ልክ ዋስትና ነው። እነዚያን 18 ወራት በአጭር መስመር፣ በጥበቃም ሆነ በመጋዘን መግፋት ከማንኛውም የአበል ጭማሪ ይበልጥበታል። እዚህ ላይ አንድ ነገር መጣራት አለበት፤ ድርጅቱ በየወሩ 7 በመቶውን ከደመወዙ ቆርጦ የራሱን 11 በመቶ ጨምሮ በእርግጥ ገቢ እያደረገ ነው? የጡረታ መለያ ቁጥሩን ይዞ ሄዶ መጠየቅ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ሌሎች አገሮች በዚህ ጉዳይ ረጅም መንገድ መጥተዋል። በብሪታንያ በኢንሱሊን የሚታከም ሰው ትልቅ የጭነት መኪና እንዳይነዳ ባጠቃላይ ተከልክሎ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2011 ክልከላው ተነሳ። በምትኩ ሰውዬው በየዓመቱ በሐኪም እንዲታይ፣ የሦስት ወር የመለኪያ መዝገብ እንዲያቀርብ፣ ባለፉት 12 ወራት የሌላ ሰው እርዳታ ያስፈለገው የስኳር መውረድ እንዳልደረሰበት እንዲረጋገጥ ሆነ። አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ2018 ተመሳሳይ አደረገች፤ ልዩ ፈቃድ መለመን ቀርቶ የሚያክመው ባለሙያ ምዘናና የሦስት ወር መዝገብ መነሻ ሆኑ። የእኛ የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1074/2010 የጤና ማረጋገጫ ይጠይቃል። ሾፌሩ ማስረጃውን ለማግኘት ሲል በሽታውን ከደበቀ ግን ያ ወረቀት የሚጠብቀው ማንንም አይደለም። የሦስት ወር መዝገብ ከደብተር የበለጠ ነገር አይፈልግም፤ ማንም አዳማ ላይ ዛሬ ሊጀምረው ይችላል።

አጭሩ መስመር ግን ለዘላለም አይደለም። የስኳር ሕመም ሾፌርን ከመሪው የሚያወርደው ብዙ ጊዜ በድንገት ሳይሆን በቀስታ፣ በዓይንና በእግር በኩል ነው። የዓይን ሬቲና ሲጎዳ መጀመሪያ የሚደክመው የሌሊት እይታ ሊሆን ይችላል። የእግር ነርቭ ሲደነዝዝ ቀኝ እግር ፍሬኑን ምን ያህል እንደረገጠ አያውቅም። ሁለቱም ያለ ሕመም ስለሚመጡ ሰውዬው አያውቃቸውም። በዓመት አንድ ጊዜ የዓይን ብሌን ተከፍቶ ሬቲናው ይታያል፤ እግሩም በቀጭን የናይሎን ክር እየተነካ ይሰማው እንደሆነ ይፈተሻል። ይህ ምርመራ የሕክምና ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የሥራ ዘመኑን የሚቆጥርለት ነው። እግሩ ክሩን መሰማት ባቆመበት ዓመት ከመንዳት መውረድ መጀመር አለበት፤ ቁስል እስኪወጣ መጠበቅ አይገባውም።

ታዲያ ወደ ምን ይወርዳል? ብዙ ሰው የሚያስበው ፎርክሊፍት ወይም ባጃጅ ነው። ሁለቱም ስህተት ናቸው፤ ስኳር መውረድም የደነዘዘ እግርም እዚያም ተከትለው ይመጣሉ። የሾፌሩ ትክክለኛ ሀብት ሌላ ነው። የጭነት ሰነድ ማንበብ ይችላል። የትኛው ኬላ በየትኛው ሰዓት እንደሚጨናነቅ፣ የትኛው ጭነት እንዴት እንደሚታሰር፣ ነዳጅ የት እንደሚባክን ያውቃል። ይህ የስምሪት ሠራተኛ፣ የጭነት ተረካቢ፣ የነዳጅና የጎማ ተቆጣጣሪ እውቀት ነው። የጎደለው ኮምፒውተር ላይ ሠንጠረዥ መሙላትና ሪፖርት መጻፍ ነው፤ ይህንንም በአጭር መስመር ላይ ሳለ፣ ማታ ማታ ቤቱ በሚያድርባቸው ወራት አዳማ ውስጥ መማር ይችላል። የቀን ሥራ የሰጠው ትልቁ ነገር እነዚህ ምሽቶች ናቸው። በጅቡቲ መስመር ላይ ያለ ሾፌር ምንም ቢፈልግ ሊማር አይችልም።

ረዳቱም ማወቅ አለበት። አለቃው የማይሆን ነገር ሲናገር መኪናውን እንዲያስቆም፣ ለስላሳውን እንዲያጠጣው፤ ራሱን ከሳተ ደግሞ አፉ ውስጥ ምንም ሳይጨምር በጎኑ አስተኝቶ ወደ ሐኪም እንዲያደርሰው አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

እስካሁን የተባለው ሁሉ ድርጅትና ውል ላለው ሰው ነው። በአዳማ ብዙ ሾፌር የሚሠራው አንድ ወይም ሁለት መኪና ላለው ባለንብረት፣ በቃል ስምምነት ነው። ጡረታ አይቆረጥለትም፤ ስምሪት ክፍል የለውም፤ ሲታመም የሚቀበለው ሌላ ሾፌር መኪናው አጠገብ ቆሞ ይጠብቃል። ሕጉ ግን እሱንም አልረሳውም። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ የሥራውን ሁኔታ የሚገልጽ የተፈረመ ጽሑፍ እንዲሰጠው ግዴታ አለበት። ይህን ባያደርግ ሠራተኛው መብቱን አያጣም። የሚያጣው ማስረጃ ከሌለው ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሾፌር ዛሬ መጀመር ያለበት ማኅደር ነው፤ ስሙ ያለበት የጭነት ሰነድ ፎቶ፣ የባንክ ዝውውር፣ የነዳጅ ደረሰኝ፣ ከባለንብረቱ ጋር የተጻጻፈው መልእክት፣ ከጎኑም የስኳር መዝገቡና የሐኪም ወረቀቱ። ማኅደሩ ከጋቢናው ውጭ ቤት ይቀመጥ፤ መኪናው በተወሰደበት ቀን ወረቀቱም አብሮ እንዳይሄድ።